ተሳፋሪዋ ከኋላ ወንበር ስትጠፋ፦ ባለ ዘጠኝ ሌቭል ጨዋታን ወደ ክፍት ከተማ የቀየርንበት ጉዳይ

## መነሻው

ቡድናችን አራት ሰው ነው። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ። አንዷ ማፑን ትነድፋለች፣ አንዱ ሞዴልና ቴክስቸር ይሠራል፣ አንዱ ድምፅ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታችን ዩኒቲ በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ለአንድሮይድ ስልክ የሠራነው የባጃጅ ጨዋታ ነበር። ተጫዋቹ ባጃጅ እየነዳ ሰው ያመላልሳል። ዘጠኝ ሌቭል ነበረው፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ የሐይቁ ዳር እያለ ይቀጥላል። ከተማዋ የፈጠራ ናት። መልኳን ግን በብዛት ከሐዋሳ ነው የቀዳነው።

ያ ጨዋታ መስመራዊ ነበር። ተጫዋቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ በተሰመረለት መንገድ ይሄዳል። ሌቭሉ ሲያልቅ ባጃጁ በአንድ ቅስት በር ሥር ያልፋል። ስክሪኑ ቀስ ብሎ ይጠቁራል፣ ቀጣዩ ሌቭል ይከፈታል። ያ በር ለጌጥ ብቻ አልቆመም። ባጃጁ ወደ በሩ ሲቃረብ ቀጣዩን ሌቭል ከኋላ መጫን እንጀምራለን። ሙሉ በሙሉ ሲጠቁር ያለፈውን አውጥተን አዲሱን እናስገባለን። ተጫዋቹ የሚያየው የሦስት አራት ሰከንድ ጨለማና የሞተር ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ የቆየ ዘዴ ነው። በ1998 የወጣው ሃፍ ላይፍ ኮሪደር መሀል ለአፍታ ቆሞ ቀጣዩን የማፕ ክፍል ይጭን ነበር። በ2007 የወጣው ማስ ኢፌክት ደግሞ ጭነቱን ረጅም የሊፍት ጉዞ ውስጥ ይደብቀዋል። ሁሉም የሚመኩት በአንድ ነገር ነው። ንድፉን የሠራው ሰው ተጫዋቹ መቼ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛውን ጨዋታ ስናስብ ተጫዋቾች ደጋግመው የጠየቁን ነገር ነበር። «ከተማዋን እንደፈለግን ለምን አንዞርም?» ይሉናል። እኛም ዘጠኙን ሌቭሎች አገጣጥመን አንድ ክፍት ከተማ ለማድረግ ወሰንን። ሞዴሉ አለ፣ መንገዱ አለ፣ የሚቀረው መስፋት ብቻ ነው ብለን ነበር። ሥራው ሰባት ወር ፈጀ።

## ችግሩ

መጀመሪያ ያደረግነው የዋሆች የሚያደርጉትን ነው። ዘጠኙንም ሌቭሎች በአንድ ሲን ውስጥ፣ ማለትም ዩኒቲ አንድ ላይ በሚጭነው አንድ የጨዋታ ክፍል ውስጥ፣ አስቀመጥናቸው። በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። 2 ጊጋ ራም ባለው የሙከራ ስልካችን ላይ ግን ጨዋታው ይከፈትና ወዲያው ይጠፋል። የስህተት መልእክት የለም፣ ዝም ብሎ ወደ ዋናው ገጽ ይመልስሃል። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው አፕ በራሱ ይዘጋል። የተዘጋው የእኛ ነበር።

በዚያ ስልክ ላይ ከ600 ሜጋባይት ካላለፍን በሰላም እንደምንኖር በሙከራ ደረስንበት። ከዚህ ውስጥ ዩኒቲ ራሱ፣ ባጃጁ፣ ድምፁ፣ ሜኑውና ከማፑ ጋር የማይሄዱት ሌሎች ነገሮች 250 ገደማ ይወስዳሉ። ለከተማዋ የሚቀረው 350 ነው። በመስመራዊው ጨዋታ ደግሞ እያንዳንዱ ሌቭል ብቻውን እስከ 350 እንዲበላ ፈቅደንለት ነበር። አንድ ሌቭል ሲኖር ሌላው የለምና ማንም አልተጎዳም። ዘጠኙ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ስለዚህ ከተማዋን መቁረጥ ነበረብን። 800 በ800 ሜትር የሆነውን ማፕ በ100 ሜትር ካሬ ቁራጮች ከፋፈልነው። 64 ቁራጭ ሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሲን አለው። ተጫዋቹ ያለበት ቁራጭና ዙሪያው ያሉት ስምንቱ፣ በአጠቃላይ ዘጠኝ፣ ሁልጊዜ ተጭነው ይቆያሉ። ተጫዋቹ ድንበር ሲያልፍ ከፊት ሦስት አዲስ ይገባሉ፣ ከኋላ ሦስት ይወጣሉ። ስትሪሚንግ የሚባለው ይኸው ነው።

## የገበያው ቁራጭ

የመጀመሪያው ትምህርት ከሒሳብ መጣ። ዘጠኝ ቁራጭ ስለሚጫን 350ን ለዘጠኝ አካፍለን እያንዳንዱ 38 ሜጋባይት ገደማ ይድረሰው ብለን ነበር። ስህተት ነው። አዲሶቹ የሚገቡት አሮጌዎቹ ሳይወጡ ነው። ባጃጁ አራት ቁራጭ የሚገናኝበትን ጥግ በሰያፍ ካለፈ ደግሞ የሚገቡት ሦስት ሳይሆኑ አምስት ናቸው። ዘጠኝ ሲደመር አምስት 14 ነው። 350ን ለ14 ስናካፍል 25 ይሆናል። የቁራጭ በጀት 25 ሜጋባይት ሆኖ ጸደቀ።

የገበያው መሀል ቁራጭ 90 ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሁለቱ የንድፍ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ቁልጭ ብሎ የታየኝ እዚህ ነው። በመስመራዊው ጨዋታ ገበያው የእኛ ኩራት ነበር። የበርበሬው ከረጢት፣ የፕላስቲክ ጫማ ተራ፣ የሙዝ ክምር፣ ሁሉም የየራሱ ቴክስቸር አለው። ማፕ ነዳፊያችን ያንን ሁሉ የደረደረችው ሌቭሉ የገበያው ብቻ ስለሆነ ነው። በጀቱን እንደፈለገች አንድ ቦታ ላይ ማፍሰስ ትችላለች። በክፍት ማፕ ግን ገበያው ብቻውን አይኖርም። ከጎኑ መናኸሪያው አለ፣ ከኋላው ትምህርት ቤቱ አለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ናቸው። አንድ ቁራጭ አብሮት ከሚጫን ከማንኛውም ጎረቤቱ ጋር መኖር መቻል አለበት።

ሁለት ነገር አደረግን። የገበያውን ቴክስቸሮች በጥቂት ትልልቅ ሉሆች ላይ ሰብስበን ከተማዋ በሙሉ እንድትጋራቸው አደረግን። ያው የቆርቆሮ ጣሪያ ገበያም ሱቅም ጋራዥም ላይ ይውላል። ይህ ብቻውን 90ውን ወደ 41 አወረደው። ቀጥሎ ገበያውን ዘረጋነው። ጫማ ተራው ወደ ምሥራቁ ቁራጭ፣ ሙዝና ብርቱካኑ ወደ ደቡቡ ሄደ። ነዳፊያችን አልወደደችውም። «ገበያ ሲጨናነቅ ነው ገበያ የሚመስለው» አለችኝ። ልክ ናት። የመጀመሪያው ገበያ ከአሁኑ ያምር ነበር፣ ይህን ዛሬም አምናለሁ።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በተቃራኒው ያደረጉበት ጊዜ አለ። በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው ስፓይደርማን ላይ አንዳንድ ዕቃዎች ሃርድ ዲስኩ ላይ 400 ጊዜ ያህል ተደግመው ተቀምጠው ነበር። ይህን የተናገረው የፕሌይስቴሽን 5 ዋና አርክቴክት በ2020 ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ንባቡ ከቦታ ቦታ ሲዘል ጊዜ ይበላል። ስለዚህ አንድ የፖስታ ሳጥን በየሰፈሩ ዳታ ውስጥ ቢደገም ይሻላል። የስልክ ማከማቻ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ያ ጭንቀት በዚያ መጠን የለበትም። የእኛ እጥረት ራም ነበር፣ ስለዚህ መጋራት አዋጣን። ዘዴ ከመቅዳት በፊት የራስህ ጠባብ ቦታ የት እንደሆነ መለየት አለብህ።

## 0.9 ላይ የቆመው

ቁራጮቹ በጀታቸው ውስጥ ከገቡ በኋላም ጨዋታው እየጠፋ አስቸገረን። አሁን ግን ወዲያው አይደለም። አራት አምስት ደቂቃ ነድተህ ነው። የሜሞሪው ግራፍ ይወጣል እንጂ አይወርድም።

ሁለት ቀን የተሳሳተ ቦታ ቆፈርን። ሦስተኛው ቀን ላይ እያንዳንዱ ጭነትና እያንዳንዱ ማውጣት ሲጀምርና ሲያልቅ አንድ አንድ መስመር እንዲጽፍ አደረግሁ። ሎጉን ሳየው ደነገጥኩ። 11 ማውጣት ተጀምሯል። ያለቀ አንድም የለም።

ጥፋቱ ከመስመራዊው ጨዋታ ይዘነው የመጣነው ዘዴ ነበር። በቅስቱ በር ላይ የምንጠቀምበት ኮድ ይህን ይመስላል፦

```csharp
var op = SceneManager.LoadSceneAsync(next, LoadSceneMode.Additive);
op.allowSceneActivation = false;
// ስክሪኑ ሲጠቁር
op.allowSceneActivation = true;
```

`allowSceneActivation` `false` ከሆነ ሲኑ ይነበብና የጭነቱ መለኪያ `0.9` ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ግባ» ስንለው ይገባል። ለበሩ ፍጹም ነው። ለክፍት ከተማውም ቁራጮቹን አዘጋጅተን `0.9` ላይ እናቆማቸውና ተጫዋቹ ሲቃረብ እናስገባቸዋለን ብለን ነበር። ችግሩ እንደነዚህ ያሉ ሥራዎች በዩኒቲ ውስጥ ተራ ይዘው የሚሄዱ መሆናቸው ነው። አንዱ `0.9` ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ማውጣትም ጭምር። በባጃጅ ተራ ፊተኛው ባጃጅ ካልተነሳ ኋለኛው እንደማይንቀሳቀስ ማለት ነው።

በመስመራዊው ጨዋታ ይህ በፍጹም አልታየም። በሩ ላይ አንድ ጭነት ብቻ ነበር፣ እሱም በሦስት ሰከንድ ውስጥ መፈታቱ የተረጋገጠ ነው። በክፍት ከተማ ግን ተጫዋቹ አንድ ቁራጭ ጫፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ኪሱ ሊከት ይችላል። መፍትሔው ማቆሙን መተው ሆነ። የተነበበ ቁራጭ ወዲያው ይገባል። ውስጡ ያሉት ዕቃዎች ግን ጠፍተው ነው የሚገቡት፣ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እናበራቸዋለን።

ሲን ማውጣትም ብቻውን በቂ አልነበረም። `UnloadSceneAsync` ዕቃዎቹን ያነሳል፤ ቴክስቸሩና ሜሹ፣ ማለትም የዕቃው ቅርጽ፣ ግን ሜሞሪ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። እነሱን ለማጽዳት `Resources.UnloadUnusedAssets` ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የተጫነውን ሁሉ እየፈተሸ ስለሚሄድ በሙከራ ስልካችን ላይ በግልጽ የሚታይ መቆም ያመጣል። ተሳፋሪ ሲገባና ሲወርድ ባጃጁ ስለሚቆም ያን ጊዜ መረጥንለት። በመስመራዊው ጨዋታ በሩ የሰጠንን እረፍት እዚህ የሰጠን ተሳፋሪው ነው።

## ላጉ ከየት እንደመጣ

አሁን ጨዋታው አይጠፋም። ግን በየድንበሩ ላግ ያደርጋል። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን ለአንድ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ነው የሚሰጠው። የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ የሚለካው ፕሮፋይለር ድንበር ላይ 180 ሚሊሰከንድ የሚደርስ ፍሬም አሳየን። መሪው እጅህ ላይ ለቅጽበት የደነዘዘ ይመስልሃል።

«ከኋላ የሚጫን» ሲባል ሁሉም ከኋላ አይደለም። ፋይሉ የሚነበበው በሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር፣ ነው። የተነበበውን ከሲኑ ጋር የማዋሃዱ ሥራ ግን ጨዋታው ራሱ በሚሄድበት ዋና ትሬድ ላይ ነው። ለዚህ በየፍሬሙ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚሰጥ የሚወስነው ይህ ነው፦

```csharp
Application.backgroundLoadingPriority = ThreadPriority.Low;
```

`Low` ሲሆን በፍሬም 2 ሚሊሰከንድ ነው፣ `BelowNormal` 4፣ `Normal` 10፣ `High` 50። እኛ ከድሮው ጨዋታ የወረስነው `High` ነበር። ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን 50 ሚሊሰከንድ ማንም አያይም። ተጫዋቹ መንገድ ላይ እየነዳ ሲሆን ግን አንድ ተኩል ፍሬም ነው። ወደ `Low` አወረድነው።

180ው ወደ 110 ወረደ፣ አልጠፋም። ቀሪው የራሳችን ስክሪፕት ነበር። አንድ ሲን ሲገባ በውስጡ በርተው ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ሲነሱ የሚሠራው ኮድ፣ `Awake` የሚባለው፣ በአንድ ፍሬም ነው የሚሮጠው፤ ያ የ2 ሚሊሰከንድ ገደብ አይነካውም። በአንድ የገበያ ቁራጭ 70 ያህል መደብ አለ። እያንዳንዱ ሲነሳ `GameObject.Find` ብሎ ባጃጁን ይፈልጋል። 70 ጊዜ ከተማውን ሙሉ ማሰስ ማለት ነው። ይህን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለመስመራዊው ጨዋታ። ያኔ ከጨለማው ኋላ ስለሚሮጥ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ፍለጋውን አነሳን፣ ባጃጁ ራሱን አንድ ቦታ ያስመዘግባል፣ መደቦቹ ከዚያ ያነቡታል። መደቦቹን ጠፍተው አስገብተን በፍሬም አምስት አምስት አበራናቸው። የጠፋ ዕቃ `Awake` እስኪበራ ድረስ አይሮጥም። ግጭት የሚሰላበትን የመደቦቹን የማይታይ ቅርጽ፣ ውስብስቡን ሜሽ ኮላይደር፣ በቀላል ሳጥን ኮላይደር ተካን። ከዚያ በኋላ የድንበሩ ፍሬም ከ33 የሚያልፈው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ።

## የሐይቁ ዳር መንገድ

ሐይቁን ተከትሎ የሚሄድ 800 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ አለን። ባጃጁ በጨዋታው ውስጥ ቢበዛ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ በሰከንድ 16.7 ሜትር ገደማ። አንድ ቁራጭ በ6 ሰከንድ ያልፋል። ደካማው ስልክ ደግሞ በ`Low` አንድ ቁራጭ ለመጫን 2.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሦስት ቁራጭ 7.5 ሰከንድ ነው።

በየድንበሩ 1.5 ሰከንድ ዕዳ ይገባል ማለት ነው። በመጀመሪያው ድንበር ማንም አያስተውልም። በአራተኛው 6 ሰከንድ ዘግይተሃል፣ አንድ ሙሉ ቁራጭ። ነዳፊያችን ታናሽ ወንድም አላት። ነዳጅ መስጫውን የማይለቅ ሞካሪያችን እሱ ነው። በዚያ መንገድ አምስተኛው ቁራጭ ላይ ሲደርስ አስፋልቱ አለቀ፣ ባጃጁ ወደ ታች ወደቀ፣ ሰማያዊው ባዶነት ውስጥ እየተገለባበጠ ሄደ።

ራዲየሱን ማስፋት ፈተንን። አምስት በአምስት 25 ቁራጭ ይሆንና በጀቱን ያፈርሳል። ቁራጩን ወደ 50 ሜትር ማሳነስም ፈተንን። ድንበር የማለፉ ብዛት እጥፍ ሆነ፣ ትልልቅ ሕንፃዎችም ሁለት ሦስት ቁራጭ ላይ ተጋደሙ። ሁለቱንም ተውናቸው።

ያዳነን ተራውን ማስተካከል ነው። ሦስቱን ቁራጮች የምንጭናቸው በስም ቅደም ተከተል ነበር። ተጫዋቹ በእርግጥ የሚሄድበት የመሀሉ ቁራጭ ሁለተኛ ወይም መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። አሁን የራሳችን ወረፋ አለን። ባጃጁ ከ2 ሰከንድ በኋላ የሚደርስበትን ቦታ እናሰላና ለዚያ ነጥብ የቀረበውን ቁራጭ እናስቀድማለን። ለዩኒቲ የምንሰጠው አንድ በአንድ ነው፤ አንዴ የተጀመረ `LoadSceneAsync` መሰረዝ አይቻልምና። ተጫዋቹ ከታጠፈ ገና ወረፋ ላይ ያሉትን እንጥላቸዋለን። የፊቱ ቁራጭ በ2.5 ሰከንድ ይደርሳል። የጎኖቹ ቢዘገዩም ተጫዋቹ እላያቸው ላይ አይደለም።

ለመውደቁ የተለየ መድኃኒት አደረግን። የከተማዋን መሬት ኮላይደር በሙሉ፣ ቀለል አድርገን፣ ከማይወጡት ነገሮች ጋር አስቀመጥነው። ዕቃው ቢዘገይም መሬቱ አለ።

ሌላኛው እንከን የተገኘው ባጃጅ ተራው ላይ ነው። ተራው በትክክል የሁለት ቁራጭ ድንበር ላይ ይቆማል። ተጫዋቹ ወረፋ ሲይዝ ወደፊት ወደኋላ ይላል። በየእንቅስቃሴው ሦስት ይገባሉ ሦስት ይወጣሉ፣ ስልኩ ይግላል። የሚገባበትንና የሚወጣበትን ርቀት ስንለያየው ቆመ፦

```csharp
if (!c.loaded && c.EdgeDist(ahead) < 80f)  queue.Add(c);
if (c.loaded  && c.EdgeDist(bajaj) > 120f) Unload(c);
```

በ80 ሜትር ይገባል፣ እስከ 120 ሜትር ድረስ አይወጣም። በመሀል ያለው 40 ሜትር ለመዋለል የተተወ ነው። ከዚያ በኋላ በሞከርናቸው ጉዞዎች በአንድ ጊዜ የተጫነው ከ14 ቁራጭ አላለፈም።

## ተሳፋሪዋ

ሞካሪያችን አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ። «እዩ፣ ሴትየዋ የለችም» አለን። ከገበያ የጫናት ነጠላ የለበሰች ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ላይ ጠፍታለች። ባጃጁ ባዶውን ይሄዳል፣ ሂሳቡ ግን ይቆጥራል።

ተሳፋሪዋ የገበያው ቁራጭ ዕቃ ነበረች። ከወንበሩ ጋር የሚያያይዛት ቦታዋን በየፍሬሙ የሚያስተካክል ስክሪፕት ብቻ ነው። ባጃጁ ከገበያው ሲርቅ ቁራጩ ወጣ፣ እሷም አብራ ወጣች። በመስመራዊው ጨዋታ ተሳፋሪና ሌቭል አብረው ተወልደው አብረው ነው የሚሞቱት። ስለዚህ ጥያቄው ተነስቶ አያውቅም። አሁን ሰው ሲሳፈር `SceneManager.MoveGameObjectToScene` ብለን ወደ ቋሚው ሲን እናዛውረዋለን።

ከዚህ የሰፋው ጉዳይ ትውስታ ነው። የብርቱካን መደብ ገጭተህ ብትበትን፣ ዞረህ ስትመለስ መደቡ ተደርድሮ ይጠብቅሃል። ቁራጩ ወጥቶ አዲስ ሆኖ ስለገባ ነው። ከቁራጮቹ ውጭ አንድ መዝገብ ከፈትን። ዕቃው መለያ ቁጥር አለው፣ የተለወጠው ብቻ ይጻፋል፣ ቁራጩ ሲገባ መዝገቡን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ሁሉንም አንመዘግብም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ብርቱካኑ ቢደረደር ሻጯ ሰብስባው ነው፤ ይህን ማንም ይቀበላል።

## ያልተሳካልን

እይታው ላይ ከፍለናል። የታቦርን ተራራ የመሰለ ኮረብታ አለን። ጫፉ ላይ ስትወጣ ከተማዋ በሙሉ መታየት አለባት፣ የተጫኑት ግን አጠገብህ ያሉት ብቻ ናቸው። መስመራዊው ጨዋታ ላይ የኮረብታው ሌቭል ከዛፍና ከቅጥር በስተጀርባ የማይታየውን ሁሉ ይደብቅ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሻካራ የሩቅ ሞዴል ሠርተን 64ቱንም ሁልጊዜ እንይዛቸዋለን። ከላይ ያልኩት 250 ሜጋባይት ውስጥ ናቸው። ከሩቅ ያምራሉ። ከኮረብታው ስትወርድ ግን ሻካራው ቤት በእውነተኛው ሲተካ ይታያል። ጣሪያው በድንገት ቀለም ይለውጣል። ቀስ ብሎ እንዲዋሃድ ሞክረን ነበር፤ በዚያ ስልክ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ መሳል ከበደው። እንዳለ ነው ያለው።

ሥራውንም ስንጀምር በሙከራ ሰፈር ሳይሆን በሙሉ ከተማ ጀመርን። ሁለት ቁራጭና አንድ ርካሽ ስልክ ይዘን ብንነሳ የ`0.9`ው ጉዳይ በመጀመሪያው ሳምንት ይገለጥልን ነበር።

## ለሌላ ቡድን የሚጠቅመው

ከመስመራዊ ወደ ክፍት የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያ ጥቁር ስክሪናችሁ ምን ምን እየደበቀላችሁ እንደነበር ጻፉ። የእኛ ዝርዝር ላይ ከባድ `Awake`፣ የሜሞሪ ጽዳት፣ የጭነት ቅደም ተከተልና የዕቃዎች ዕድሜ ነበሩ። አራቱም በየተራቸው ወጥተው አገኙን።

ሒሳቡን ከሞዴሉ በፊት ሥሩ። ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ ተጫዋቹ አንድ ቁራጭ በስንት ሰከንድ ያልፋል፣ ደካማው ስልክ አንድ ቁራጭ በስንት ሰከንድ ይጭናል፣ በክፉ ጊዜ ስንት ቁራጭ አብረው ይኖራሉ። የመጨረሻው በጀቱን ይነግራችኋል። ሁለቱ ዕዳ እየገባችሁ መሆን አለመሆኑን ይነግሯችኋል። ስልኩ ደካማው ይሁን። የእኔ ኮምፒውተር ሰባት ወር ሙሉ አንድም ችግር አላሳየኝም።

ሎጉን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱት። ጭነትና ማውጣት ሲጀምር አንድ መስመር፣ ሲያልቅ አንድ መስመር። የጀመረውና ያለቀው ቁጥር እየተራራቀ ከሄደ የሆነ ቦታ ተራው ተዘግቷል።

መስመራዊ ንድፍንም አትጣሉት። በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ወረፋው ተስተካክሎም በደካማው ስልክ የጎን ቁራጮች ይዘገዩ ነበር። ነዳፊያችን ኮድ ሳትነካ ፈታችው። መንገዱን ሁለት ቦታ ላይ አጣመመችው፣ የዓሣ ገበያው ፊት ደግሞ ሁለት ስፒድ ብሬከር ጣለች። ተጫዋቹ እዚያ በሰዓት ከ25 ኪሎሜትር በላይ መሄድ አይችልም። በዚያ ፍጥነት 100 ሜትር 14 ሰከንድ ይወስዳል፣ ጭነቱ ዕዳውን ከፍሎ ይተርፈዋል። ወንድሟ ስፒድ ብሬከሩ ለምን እንደገባ አያውቅም። ዓሣ ጠባሾቹን ለማየት የተሠራ ነው የመሰለው፣ አሁን ሲያልፍ ቀስ ብሎ ያያቸዋል።